ትርጉሜን «ኤአይ የጻፈው ነው» ብለው መለሱብኝ፤ ልዩነቱን በምን ላስረዳ?

እታለም ዘዳሞት · ፍኖተ ሰላም

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መመሪያ ሰጥቶኝ «ገበሬ በሚገባው አማርኛ መልሺልን» አለኝ። 12 ገጽ ነው። የሰጡኝ ጊዜ አምስት ቀን። ሌላም ሥራ ተደርቦብኝ ስለነበር እንግሊዝኛውን መተርጎሚያ ውስጥ ከትቼ የወጣውን እያረምኩ ሄድኩ። ይህን አልደብቅም። በአምስተኛው ቀን አስረከብኩ። ሳምንት ቆይቶ «ይህ በኤአይ የተጻፈ ስለሆነ አንቀበልም» የሚል መልስ መጣ። ክፍያውም ቆመ።

ያንገበገበኝ ምን መሰላችሁ? ማሽኑ አልጻፈውም። ሐሳቡ በሙሉ የመመሪያው ነው፤ መመሪያውን ደግሞ የአፈር ባለሙያዎች ናቸው ያዘጋጁት። ማሽኑ ቋንቋውን ቀየረ እንጂ ከራሱ ምንም አላመጣም። ይህንን ለገምጋሚው ብነግረው «ያው ነው» አለኝ። ያው ነው እንዴ?

አማርኛው ደረቅ መሆኑን ግን አልክድም። ቅዳሜ ዕለት ቤተሰብ ጋ ሄጄ ለአባቴ አነበብኩላቸው። አራተኛው ገጽ ላይ «ሎሚ ከመትከልዎ በፊት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መተግበር አለበት» ይላል። አባቴ አስቆሙኝ። «ሎሚ? ማሳ የሚሞላ ሎሚ ከየት ነው የማመጣው?» አሉ። 11 ቦታ ላይ «ሎሚ»ን በእጄ «ኖራ» እያልኩ አርሜ ነበር፤ ይቺ አንዷ አምልጣኛለች። ቀጥዬ «ወደ አፈር ውስጥ መካተት አለበት» ስል እንደገና አስቆሙኝ። «ማነው የሚያካትተው? እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ናቸው መጥተው የሚያካትቱት?» መልስ አጣሁ። ጽሑፉም መልስ የለውም።

ረቡዕ ከገምጋሚው ጋር እንገናኛለን። በማሽን የተተረጎመና በማሽን የተጻፈ በምን እንደሚለይ የሚያውቅ ካለ አስረዱኝ፤ ዝም ብዬ «አይደለም» ከማለት ማስረጃ ይዤ ብሄድ ይሻላል።

---

ፈጣኑ · ባህር ዳር

ይሄማ ቀላል ነው። «ቁልፍ ሚና ይጫወታል»፣ «እጅግ አስፈላጊ ነው»፣ «ይህም … ያስችላል» የሚሉ ሐረጎች ከበዙበት ኤአይ ነው፤ ከሌሉበት አይደለም። ሌላም መንገድ አለ። ጽሑፍ ስትከቺበት «ይህን ያህል ፐርሰንት ማሽን ነው» ብለው የሚነግሩሽ ድረ ገጾች አሉ። አንዱ ላይ አስገቢው፣ የሚያወጣውን ቁጥር አትሚና ረቡዕ ይዘሽ ግቢ። ነገሩ እዚያው ያልቃል።

---

የቀበሌ ጸሐፊ · ሞጣ

ወንድሜ ፈጣኑ፣ በዚህ መለኪያህ ከሆነ እኔም ማሽን ልሆን ነው።

20 ዓመት ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ጽፌያለሁ። «ከፍተኛ ሚና ይጫወታል» የሚለውን ኤአይ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት እኛ ስንጽፈው ኖረናል። የተማርነው ከሬዲዮና ከጋዜጣ ነው፤ ሬዲዮውና ጋዜጣውም ከእንግሊዝኛ ዜና ሲመልሱ ያመጡት ይመስለኛል። አምና ለማታ ትምህርት የቤት ሥራ ጽፌ አስገባሁና መምህሩ «ማሽን ነው የጻፈው» ብሎ ዜሮ ሰጠኝ። በእጄ ነበር የጻፍኩት፤ መጀመሪያ ደብተር ላይ፣ ኋላ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ አስተየብኩት። ደብተሩን ባላሳየው ኖሮ ዜሮው ዜሮ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ድርቅ ያለ አማርኛ ሁሉ የማሽን አይደለም። የቢሮ አማርኛም እንዲያ ነው።

---

ጋሼ ብራና · ደብረ ማርቆስ

እህቴ እታለም፣ ብዙ ዓመት በትርጉም ሥራ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። የቀበሌ ጸሐፊም ልክ ነው፤ ድርቀት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መታየት ያለበት ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ነው።

የማሽን ትርጉም ስሕተት ሥር አለው። ስትቆፍሪው ከታች የእንግሊዝኛ ቃል ታገኛለሽ። ሎሚሽን ተመልከቺው። በአማርኛ ኖራና ሎሚ የሚገናኙበት ምንም መንገድ የለም፤ በድምፅም በመልክም አይቀራረቡም። ስለ አፈር በአማርኛ አስቦ የሚጽፍ ፍጡር፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ከኖራ ወደ ሎሚ አይንሸራተትም። በእንግሊዝኛ ግን ኖራውም «ላይም» ነው፣ ፍሬውም «ላይም» ነው። ስለዚህ ያቺ ያመለጠችሽ ሎሚ አሳፋሪ ብትሆንም ከሁሉ የሚሻለው ምስክርሽ እሷ ናት። ከሥሯ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ትናገራለች።

ሌሎችም አሉ። «መስክ» የሚል ቃል ፈልጊ። እንግሊዝኛው ማሳንም መስክንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ማሽኑ ብዙ ጊዜ «መስክ» ይላል። እኛ አገር መስክ ከብት የሚሰማራበት ሣር ነው። ገበሬው «ኖራውን በመስኩ ላይ» የሚለውን ቃል በቃል ቢከተል ኖራውን የሚበትነው ግጦሹ ላይ ነው። «መትከል»ም እንደዚሁ። ችግኝ ይተከላል፣ ጤፍ ይዘራል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል።

አንቺ ብዙዎቹን አርመሻል፤ ስለዚህ ያረምሽውን አይደለም ረቡዕ ይዘሽ የምትሄጂው። ማሽኑ መጀመሪያ ያወጣው ጥሬው ካለሽ እሱን ያዢ።

ከባዶ የሚጽፍ ማሽን ጥፋቱ ሌላ ነው። አማርኛው አንዳንዴ ከትርጉሙ ይልቅ ለስለስ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ማንም ያልተናገረው ሊሆን ይችላል። የትም ያልተጻፈ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ማንም ያላለውን «ባለሙያዎች ይላሉ» ይልሻል። ትርጉም ሲሳሳት የሚያበላሸው ቃሉን ነው፤ ነገሩ ከምንጩ አለ።

እንግዲህ ይህን አድርጊ። መመሪያውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ አስቀምጪ። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አያይዢ። ለእያንዳንዱ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግራ በኩል አባት ካገኘሽለት ትርጉም ነው። አባት ያጣ ካለ ግን እሱ ከየት መጣ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

---

ሸጋው · ዳንግላ

ይቅርታ፣ ኖራውን አሁን የት ነው የሚሰጡት? የኛ ማሳ ስንዴ ዘርተን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ማዳበሪያ ብናበዛም ለውጥ የለም። ለአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል ይበቃል?

---

የልማት ሠራተኛ · እንጅባራ

ሸጋው፣ ጥያቄህ ከርዕሱ ወጣ ቢልም ዝም ብዬ አላልፍህም። መጀመሪያ አፈርህን አስመርምር፤ የወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ናሙና አወሳሰዱን ያሳይሃል። ማዳበሪያው ያልሠራልህ አፈሩ በጣም አሲዳማ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ይይዙታል፤ አንተ ታፈሳለህ፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም። መጠኑን አፈርህን ሳላይ አልነግርህም። ምርመራው በሄክታር 2 ቶን ካለህ 20 ኩንታል ማለት ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ከሆነ ለጥማድ 5 ኩንታል ይደርሳል። ሌላ መጠን ሊልህም ይችላል። ስንዴ ቢጫ የሚሆነው በሌላም ምክንያት ነውና ሳታስመረምር ኖራ አትግዛ።

እግረ መንገዴን ለእታለምም። ጽሑፍሽ «2 ቶን በሄክታር» ብሎ ከቀረ ትርጉሙ ልክ ነው፣ ገበሬው ግን አይጠቀምበትም። ሂሳቡ በጥማድና በኩንታል ነው። ማሽን ይህን አይቀይርልሽም፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛው ላይ የለም።

---

ኮደሩ · ባህር ዳር

ፈጣኑ ስላነሳቸው መለያ ድረ ገጾች ልመልስ፤ ይህ ስሕተት ሰው ይጎዳል። እነዚህ መሣሪያዎች ጽሑፉን ማን እንደጻፈው አያውቁም። በግምት የሚለኩት የሚቀጥለው ቃል ለመገመት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ነው። ተራ ቃል፣ ተራ አገላለጽ ከበዛ «ማሽን» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን ድርሰቶች በእንዲህ ያሉ መለያዎች ፈትነው ነበር፤ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን «ማሽን ነው» አሏቸው። ሁሉም ግን ሰው የጻፋቸው ነበሩ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ከሆነ በአማርኛ የሚያወጡትን ቁጥር ማንም ሰው ላይ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግፍ ነው። እኔ አንዱን ጽሑፌን ሰኞ አስገብቼ፣ ማክሰኞ አንድ አንቀጽ ብቻ ቆርጬ መልሼ ባስገባው በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ሰጠኝ።

ጋሼ ብራና ስለ ምንጩ ያሉት ላይ ደግሞ አንድ የምጨምረው አለኝ። ጎግል መተርጎሚያ አማርኛን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሜታም በ2022 አማርኛ ያለበት የ200 ቋንቋ ሞዴል አውጥቷል። እንዲህ ያሉ መተርጎሚያዎች ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ነው። አንዱን ሲመልሱ የቀደመውን አያስታውሱም። እንግሊዝኛ ደግሞ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ውጤቱን ራስሽ ታዪዋለሽ፤ አንድ አንቀጽ ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር «ያርሱ»፣ ቀጣዩ «እረስ»፣ ሦስተኛው «ማረስ አለብዎት» ይላል። ሰው ሲጽፍ እንዲህ አይዘልም፤ የሚያናግረውን ሰው ፊቱ አድርጎ ነውና። ከባዶ የሚጽፈው ማሽንም ሙሉውን ገጽ አንድ ላይ ስለሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ይጸናል።

የማልስማማበት ግን አለ። አዲሶቹ የቻት መሣሪያዎች ሙሉ ሰነድ አንዴ ይተረጉማሉ። አክብሮቱን ይጠብቃሉ፣ ሎሚውንም ከአገባቡ አይተው ኖራ ይሉታል። እነዚያ ከባዶ በአማርኛ ሲጽፉም አማርኛው የእንግሊዝኛ አጥንት ነው ያለው፤ ብዙ ያነበቡት እሱን ነዋ። እዚያ ጋ የጋሼ መለያ ይደክማል።

---

ጋሼ ብራና · ደብረ ማርቆስ

ኮደሩ፣ ትክክል ነህ። ምንጩ በእጅ ካለ እንጂ ከጽሑፉ ብቻ ተነሥቼ ልፈርድ አልደፍርም። እታለም ግን ምንጩ አላት።

አሁን ስለ ድርቀቱ። እህቴ፣ ገምጋሚው ክሱን ቢሳሳትም ጽሑፉን አልቀበልም ማለቱ ላይ መብት አለው። ቃል በቃል እየነቀልሽ በሌላ ቃል መተካቱ አላዋጣሽም። ሎሚ ወጥቶ ኖራ ይገባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን እንደ እንግሊዝኛ ቆሞ ይቀራል። ያን አንቀጽ ሙሉውን ብትለጥፊው አብረን እንሥራው።

---

እታለም ዘዳሞት · ፍኖተ ሰላም

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጥሬው ይኸው፦

«ሎሚ ከመትከልዎ በፊት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መተግበር አለበት። በመስኩ ላይ በእኩል መጠን መሰራጨት እና ከዚያም ወደ አፈር ውስጥ መካተት አለበት። ይህ በአፈር ውስጥ ያለውን አሲድነት ለመቀነስ ይረዳል፣ ይህም ሰብሎች ንጥረ ነገሮችን በተሻለ ሁኔታ እንዲወስዱ ያስችላቸዋል።»

---

ጋሼ ብራና · ደብረ ማርቆስ

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። እንግሊዝኛውን ሁለቴ አነባለሁ፤ ከዚያ እዘጋዋለሁ። አባትሽን ፊቴ አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ። የወጣውን እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛውን ከፍቼ የረሳሁትን እፈልጋለሁ።

አባትሽ «ማነው የሚያካትተው» ያሉት ትልቅ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛ ለመመሪያ ሲጽፍ አድራጊውን መደበቅ ይወዳል። አማርኛ ውስጥ አድራጊውን ስትደብቂው ገበሬው ሥራው የሌላ ሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ግሡን ወደ ሰውየው አዙሪው፦ በትኑ፣ እረሱ። «እና»ውንም አውጪው። «መሰራጨት እና ከዚያም መካተት» የአማርኛ አካሄድ አይደለም። እኛ «በትናችሁ እረሱት» ብለን አንዱን ግሥ በሌላው ላይ እናሳርፈዋለን። ማሽን ትርጉምን በጆሮ የምለየው ከምንም በላይ በዚህ ነው፤ ግሦቹ እየቆሙ ነው የሚሄዱት፣ አይያያዙም።

እንዲህ ወጣልኝ፦

«ኖራው ዘር ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ማሳው ላይ ይበተናል። አንድ ቦታ እንዳይከመር አስተካክላችሁ በትኑት። በትናችሁም አትተዉት፤ ነፋስና ዝናብ ሳይወስደው እረሱትና ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ኖራው ከአፈሩ ሲዋሐድ አሲዱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሰብሉ ምግቡን ከአፈሩ እንደ ልቡ ያገኛል።»

---

ፈጣኑ · ባህር ዳር

ስለ መለያው ድረ ገጽ የተባለውን ተቀብያለሁ፤ አላውቅም ነበር። ግን ጋሼ፣ የርስዎ ትርጉም ላይም ጥያቄ አለኝ። «ነፋስና ዝናብ ሳይወስደው» የሚለው እንግሊዝኛው ላይ አለ እንዴ? በጥሬው አላየሁትም። አባት የሌለው ዓረፍተ ነገር ብለው ራስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩን?

---

የልማት ሠራተኛ · እንጅባራ

ፈጣኑ እዚህ ላይ ልክ ነው። እኔም ዐይኔ እሱ ላይ ነው ያረፈው። ነፋሱ እውነት ነው፤ ኖራው ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ ሲበተንም ሆነ ተበትኖ ሲቀመጥ ይቦናል። ዝናቡ ግን እንደዚያ አይደለም። ኖራ በውኃ ቶሎ አይሟሟም፤ እንዲያውም ሥራውን እንዲጀምር አፈሩ እርጥበት ያስፈልገዋል። አንድ ወር ቀድሞ የሚበተነውም ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ነው። ገበሬው «ዝናብ ይወስደዋል» ብሎ ደረቁን ወራት ሙሉ ቢጠብቅ ጥቅሙ ለሱ አይደለም።

---

ጋሼ ብራና · ደብረ ማርቆስ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አውጥቼዋለሁ። አፌ ላይ የመጣውን ነው የጻፍኩት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰውም ያደርገዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሲጥም ምንጩን ያስረሳል። «በትናችሁም አትተዉት፣ እረሱትና ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል» ይሁን።

---

የቀበሌ ጸሐፊ · ሞጣ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ እኛ ቢሮ የገጠመን ነው። ከእንግሊዝኛ የተመለሰ የስልጠና ጥሪ ደርሶን «ከጠዋቱ 8 ሰዓት» ይላል። በኛ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት የሚባል የለም። ግማሹ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት መጣ፣ ግማሹ ከሰዓት 8 ሰዓት መጣ። ወርም እንዲሁ ነው። ማሽኑ «ሜይ»ን «ግንቦት» ብሎ ያልፋል፤ የነሱ ሜይ 1 ግን የኛ ሚያዝያ 23 ነው። እታለም፣ ቀንና ሰዓት ያለበትን ሁሉ በጣትሽ እየቆጠርሽ እዪው።

---

ኮደሩ · ባህር ዳር

ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ተጠንቀቁ፣ የትርጉም ብቻ ምልክት አይደለም። ከባዶ የሚጽፈውም ማሽን የፈረንጁን ሰዓት በአማርኛ ቃል ሲጽፍ አይቻለሁ።

---

እታለም ዘዳሞት · ፍኖተ ሰላም

ተመለስኩ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ 12ቱንም ገጽ ግራና ቀኝ አድርጌ አያያዝኩት። ያገኘሁትን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ሰዓቱና ወሩ አለ። ስድስተኛው ገጽ ላይ መመሪያው «በሜይ መጀመሪያ» ያለው በኔ «በግንቦት መጀመሪያ» ሆኗል። አርሜዋለሁ፣ «በሚያዝያ መጨረሻ» ብዬዋለሁ። አንተና እርስዎም አንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው አግኝቻለሁ፤ ሁሉንም ወደ እናንተ መለስኳቸው።

ዋናው ግን ሰባተኛው ገጽ ነው። መመሪያው ላይ አንቀጹ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። የኔ አማርኛ ስድስት ነው። አንዱ ረዥም ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አየሁት። አይደለም። ሁለቱ አባት የላቸውም። አንደኛው «ኖራ የተጠቀሙ አርሶ አደሮች ምርታቸውን በእጥፍ ማሳደግ ችለዋል» ይላል። መመሪያው ውስጥ «እጥፍ» የሚል ነገር የትም የለም። ሁለተኛው «ይህ ዘዴ ለመጪው ትውልድ ለም መሬት ያስረክባል» ይላል። እሱም የለም።

ከዚያ ትዝ አለኝ። በአራተኛው ቀን ማታ ያ አንቀጽ በጣም ደርቆብኝ ቻት መሣሪያ ላይ አስገብቼ «አሳምረው» ብዬው ነበር። አሳመረው። አማርኛው ከሌላው ገጽ ሁሉ የተሻለ ስለነበር ሳልጠራጠር ለጠፍኩት። አባቴም ሳነብላቸው እዚያ ገጽ ላይ አላስቆሙኝም።

ስለዚህ ገምጋሚው ስለ 11ዱ ገጽ ተሳስቷል፤ ስለ ሰባተኛው ግን አልተሳሳተም። እኔ መጀመሪያ ስጽፍላችሁ «ከራሱ ምንም አላመጣም» ያልኩት ውሸት ሆነ፤ ሳላውቅ ነው እንጂ።

---

የልማት ሠራተኛ · እንጅባራ

እታለም፣ እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዛሬውኑ አውጪያቸው። «በእጥፍ» የሚለው ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ገበሬው ብር ተበድሮ ኖራ ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ በትኖ በመጀመሪያው ዓመት እጥፍ ካላገኘ በሚቀጥለው ዓመት እኛ የምንነግረውን አይሰማም። ምርቱ ምን ያህል እንደሚጨምር በአፈሩ፣ በዘሩ፣ በማዳበሪያው ይለያያል። ባለሙያዎቹም ቁጥር ያልጻፉት ለዚህ ይመስለኛል።

---

ሸጋው · ዳንግላ

እኛ ቀበሌ ኖራ ገዝቶ «ተታለልኩ» ያለ ሰው አለ። ምናልባት እንዲህ ያለ ወረቀት አንብቦ ይሆናል። እኔ ነገ ናሙና ልወስድ ነው፤ ከማሳው ስንት ቦታ ነው የሚቆፈረው?

---

የልማት ሠራተኛ · እንጅባራ

ሸጋው፣ ከአንድ ጉድጓድ ብቻ እንዳታመጣ። ማሳውን በዚግዛግ እየሄድክ ከብዙ ቦታ አፈር አውጣ፤ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለህ ከዚያ ላይ ዘግነህ ውሰድ። ከብት ከሚያድርበትና አመድ ከሚደፋበት ራቅ። ዝርዝሩን በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

---

ፈጣኑ · ባህር ዳር

ግን አሁንም ያልገባኝ አለ። እታለም ምንጭ ስላላት አያያዘች። ምንጭ የሌለው ጽሑፍ ቢመጣስ? ልክ እንደ የቀበሌ ጸሐፊ የቤት ሥራ። መምህሩ በምን ይለያል?

---

ጋሼ ብራና · ደብረ ማርቆስ

ከወረቀቱ ብቻ የሚለይበትን መንገድ እኔ አላገኘሁም፤ እለያለሁ የሚለኝንም አላምነውም። እኔ ብሆን ልጁን ጠርቼ «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይህን ያልከው ለምንድነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ረቂቁን አሳየኝ እለዋለሁ። የጻፈው ሰው ስለጻፈው ነገር የሚናገረው አያጣም።

---

ኮደሩ · ባህር ዳር

በቃል መጠየቁ ዓይን አፋር ልጅን ይጎዳል ጋሼ። የጻፈውን እያወቀ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ምላሱ የሚተሳሰር ብዙ ተማሪ አለ። ረቂቁን ማየት ይሻላል፣ እሱም ያለው ከሆነ።

---

የቀበሌ ጸሐፊ · ሞጣ

እኔ ደብተሬን ባልይዝ ኖሮ ምን እንደምሆን አሁንም አስባለሁ። የዚህ ዓመቱን አንድም ወረቀት አልጣልኩም።

---

እታለም ዘዳሞት · ፍኖተ ሰላም

ረቡዕ አልፏል፤ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ጥሬውን፣ መመሪያውንና ግራና ቀኝ ያያያዝኩትን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ያነሣሁት ሰባተኛውን ገጽ ነው፤ «እዚህ ጋ ልክ ነበሩ» አልኩት። ከዚያ ሎሚዋን አሳየሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየና «ይህስ ከእንግሊዝኛ ነው» አለ። «ኤአይ የጻፈው» የሚለውን ከመልሱ ላይ ለማንሣት ተስማማ። ጽሑፉን ግን እንዲሁ አልወሰደውም። እንደ አዲስ እንድመልሰው 15 ቀን ሰጠኝ፤ ክፍያው ያኔ ይታያል ብሏል።

አሁን ጋሼ እንዳሉት እንግሊዝኛውን እየዘጋሁ ነው የምጽፈው። በቀን አንድ ገጽ ይወጣልኛል። አራተኛውን ገጽ ትናንት ማታ ለአባቴ በስልክ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ታዲያ ለኛ ማሳ ስንት ኩንታል ነው?» አሉኝ። ለጥማድ የሚለውን ሂሳብ ገና አላስገባሁትም ነበር።